960 ዶላር መቼ ነው ገንዘብ የሚሆነው?

ሐዋሳ ሆና ለአንድ የአሜሪካ ድርጅት የግራፊክስ ዲዛይን የምትሠራ ወጣት አለች። ሥራውን ያገኘችው አፕወርክ ላይ ነው፤ በሰዓት 12 ዶላር፣ በሳምንት 20 ሰዓት። ሰፈሩ «በዶላር ነው የሚከፈላት» ይላል። ሂሳቡም ለሁሉም ቀላል ነው፤ በሳምንት 240፣ በአራት ሳምንት 960 ዶላር፣ ከዚያ በዕለቱ ምንዛሪ ማባዛት። ይህ 960 የሚባል ገንዘብ ግን አንድም ቀን ሙሉውን እጇ ገብቶ አያውቅም።

ብዙ ፍሪላንሰር የሚያማርረው በኮሚሽኑ ነው። አፕወርክ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2023 ጀምሮ ከሠራተኛው 10 በመቶ ሲቆርጥ ቆይቶ፣ ከ2025 ወዲህ በሚገቡ አዳዲስ ውሎች ላይ እንደ ሁኔታው ከ0 እስከ 15 በመቶ ያደርገዋል። የእሷ ውል 10 በመቶ ነው። ከ240ው 24 ይሄዳል፣ 216 ይቀራል። ያማል፣ ግን አያታልልም። መጠኑ ውሉን ከመቀበሏ በፊት ይታያል፤ ዋጋ ስትጠራም እሱን አስባ መጥራት ትችላለች።

የሚያታልለው በመቶኛ የማይሰላው ክፍያ ነው። ገንዘቧን ወደ ባንኳ ለማስላክ ትንሽም ይሁን ብዙ በእያንዳንዱ ዝውውር 50 ዶላር ይቆረጥባታል። 216 ዶላሯን በየሳምንቱ ብታስልክ ሩብ የሚጠጋው በመንገድ ይቀራል። የአራት ሳምንቱን 864 ጠብቃ በአንድ ጊዜ ብታስልክ ግን ያው 50 ዶላር ከ6 በመቶ በታች ይሆናል። በመሃል ገንዘቡን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ኮሬስፖንደንት ባንክም የራሱን ይወስዳል፤ ባለፈው 20 ዶላር ወስዷል። ሐዋሳ የደረሰው 794 ነው። ከ960ው 166 ዶላር የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ታጠራቅማለች። ማጠራቀም ደግሞ ዋጋው ጊዜ ነው።

በሰዓት በሚከፈል ውል የአፕወርክ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እሁድ ያበቃል። ከዚያ ደንበኛው የተሠራውን ሰዓት የሚያይበት ጊዜ አለ፣ ቀጥሎ ገንዘቡ ለጥንቃቄ የሚያዝባቸው ቀናት አሉ። በድምሩ ሳምንቱ ካበቃ ከ10 ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ላይ፣ ገንዘቡ ለማውጣት ዝግጁ ይሆናል። እስከዚያ ስልኳ ላይ ቁጥሩ ይታያል፣ ግን አይነካም። አራት ሳምንት አጠራቅማ ስታስልክ የመጀመሪያው ሰኞ ሥራ የሚወጣው በ38ኛው ቀን ነው። በባንኮች መካከል አምስት የሥራ ቀን ቢጨመር 45ኛው ቀን ላይ ሂሳቧ ይገባል። ያውም በዓል ካልገባ ነው። በጥር መጀመሪያ አሜሪካኖቹ አዲስ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ባንክ ይዘጋል፣ እነሱ ሲከፍቱ እኛ ገናን እናከብራለን።

የቤት ኪራይ 45 ቀን አይጠብቅም። አከራይዋ እማማ በደንብ የሚወዷት ሴት ናቸው፤ ግን ወሩ ባለቀ ቁጥር «ልጄ፣ ሠርተሽ የለ እንዴ? ታዲያ ገንዘቡ የት አለ?» ይላሉ። መልሷ «መንገድ ላይ ነው» ነው። እውነቷን ነው፣ ግን ለአከራይ የሚነገር መልስ አይደለም። አሁን ያገኘችው መፍትሔ የአንድ ወር ኪራይ ሁልጊዜ ሳይነካ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን አምስት ወር ፈጅቶባታል።

ሌላው የመዘግየት ምክንያት ስም ነው። በላቲን ፊደል አንዱ ባንክ ጋ በአንድ «ኤስ»፣ ፓስፖርቷ ላይ በሁለት «ኤስ» ከተጻፈ ዝውውሩ ሊቆም ወይም ሊመለስ ይችላል። ተመልሶ እንደገና ሲላክ ቋሚው ክፍያም እንደገና ይቆረጣል። ገንዘቡ የት እንደቆመ ለማወቅ «አልገባም» ብሎ ቅርንጫፍ መመላለስ ብዙም አይረዳም። ከላኪው ወገን ስዊፍት ኮፒ ጠይቆ፣ በላዩ ያለውን የዝውውር ቁጥር ይዞ ወደ ባንኩ የውጭ ምንዛሪ ክፍል መሄድ ይሻላል። ከውሉ ኮፒ ጋር ቢሆን ደግሞ ገንዘቡ ለምን እንደተላከ ለሚጠየቀውም መልስ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለመዝለል ውጭ ባለ ዘመድ ሂሳብ የሚቀበሉ አሉ። ፈጣን ነው። ፕላትፎርሙ ግን የሂሳቡ ባለቤትና ሠራተኛው አንድ ሰው እንዲሆኑ ይፈልጋል፤ ካልሆኑ አካውንቱ ሲታገድ ያልወጣው ገንዘብም አብሮ ይታሰራል። ዘመድ ማመን ሌላ፣ የፕላትፎርሙ ደንብ ሌላ ነው።

ምንዛሪውም የሥራው ቀን አይደለም፣ ባንኩ የመነዘረበት ቀን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ጥቂት ቀን ቀድሞ ገንዘቡ የገባለት ሰው በ57 ብር አካባቢ ነበር የተመነዘረለት፤ የዘገየበት ግን በዚያው ቀን 74 ብር ከምናምን አገኘ። መዘግየት የጠቀመበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው። የዚያን ጊዜው ለውጥ ነዋሪዎች ከውጭ ለሚላክላቸው ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲከፍቱም ፈቅዷል፤ ሂሳቡን ለመክፈት ምን እንደሚጠየቅ ከባንኩ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቅርቡ ሌላ ደንበኛ ሥራው ሲያልቅ በአንድ ጊዜ 400 ዶላር እከፍላለሁ ብሏታል። በእንዲህ ዓይነት ውል ደንበኛው ሥራውን ተቀብሎ ዝም ካለ የሚፀድቀው በ14 ቀን ነው፤ ከዚያ ገንዘቡ አምስት ቀን ይያዛል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፍሎ በየ200 ዶላሩ እንዲያፀድቅ ጠይቃዋለች። መልሱን እየጠበቀች ነው።