22 ወይስ 28? የእህቴ ልጅ ጀርባና ሁለቱ መስመሮች

ሥራዬ ራጅ ማንሳት ነው። ኦክላንድ ውስጥ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው ልጆች ጀርባቸውን ለመታየት ይመጣሉ። ራጁን አነሳለሁ እንጂ የሚያነብበው ሐኪም ነው። ቢሆንም ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ በየቀኑ ስለማይ፣ ቤተሰቦቼ ጥያቄ ሲኖራቸው ወደ እኔ ይደውላሉ።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ ከሳን ሆዜ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እትዬ፣ በስድስት ወር ውስጥ 6 ዲግሪ ጨመረባት። ልጄን ሊቀዷት ነው!»

ልጅቷ 12 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያውን ራጅ የተነሳችው ኦክላንድ ሳሉ ነበር፤ ወረቀቱ «22 ዲግሪ» ይላል። ከዚያ ቤተሰቡ ወደ ሳን ሆዜ ተዛወረ። ሁለተኛው ራጅ እዚያ ተነሳ፤ ወረቀቱ «28 ዲግሪ» ይላል። እህቴ ሃያ ስምንት ላይ ሃያ ሁለትን ቀንሳ 6 አገኘች። ሒሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ሊነጻጸሩ ይችላሉ ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ለእህቴ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

አከርካሪያችን አንዱ በአንዱ ላይ በተደረደሩ ትንንሽ አጥንቶች የተሠራ ነው። እነዚህን አጥንቶች አንጓ እንበላቸው። በደረት ላይ 12፣ በወገብ ላይ 5 አንጓዎች አሉ። ሐኪሞች የደረቱን ከT1 እስከ T12፣ የወገቡን ከL1 እስከ L5 ብለው ይጠሯቸዋል። አከርካሪ ከኋላ ሲታይ ቀጥ ያለ ነው። ወደ ጎን ከታጠፈና ከተጠማዘዘ፣ እጥፋቱም 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ስኮሊዮሲስ ይባላል። በብዙ ልጆች ላይ ምክንያቱ አይታወቅም። እናታችን ከአዲስ አበባ ደውላ «ያ ከባድ የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው!» ብላ ነበር። ቦርሳ ትከሻን ያደክማል እንጂ ስኮሊዮሲስን አያመጣም።

ራጁ የሚነሳው ልጁ ጫማውን አውልቆ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው። ተኝቶ ቢነሳ የሰውነቱ ክብደት አከርካሪውን ስለማይጫነው ኩርባው ያነሰ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ተኝቶ የተነሳ ራጅ ቆሞ ከተነሳ ራጅ ጋር አይነጻጸርም። አንድ እግር ከሌላው የሚያጥር ከሆነም ዳሌው ስለሚያዘነብል ከአጭሩ እግር ሥር ትንሽ እንጨት እናስቀምጣለን።

ከዚያ ልኬቱ ይጀምራል። ዘዴው የኮብ ማዕዘን ይባላል። ስሙን ያገኘው ከኒው ዮርኩ የአጥንት ሐኪም ከጆን ኮብ ነው፤ እርሳቸው ዘዴውን በ1948 በጽሑፍ አቅርበውታል። ሐኪሙ በመጀመሪያ የኩርባውን ጫፎች ይፈልጋል። ከላይ በኩል ከሁሉም ይበልጥ ያዘነበለውን አንጓ ይመርጣል። ከታች በኩልም እንዲሁ ወደ ተቃራኒው ከሁሉም ይበልጥ ያዘነበለውን ይመርጣል። በላይኛው አንጓ የላይ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር ያሰምራል። በታችኛው አንጓ የታች ጠርዝ ላይ ሌላ መስመር ያሰምራል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ማዕዘን የኮብ ማዕዘን ነው። ድሮ በእርሳስና በፕሮትራክተር ይለካ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተሩ ማዕዘኑን ያሰላል፤ መስመሮቹን የት ማስመር እንዳለበት የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ አሁንም ሰው ነው።

ነገሩን በቀላሉ ለማየት እያንዳንዱ መስመር ከወለሉ አንጻር ምን ያህል እንዳዘነበለ አስቡ። ላይኛው ወደ አንድ ጎን 13 ዲግሪ፣ ታችኛው ወደ ሌላው ጎን 9 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ ሁለቱ ሲደመሩ 22 ይሆናሉ። የመጀመሪያው የኦክላንድ ቁጥር የተገኘው በትክክል እንዲህ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ቁጥሩን ሊለውጡት ይችላሉ። የመጀመሪያው የእጅ ልዩነት ነው። የአጥንት ጠርዝ በራጅ ላይ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ አይታይም። አንድ ሐኪም ያንኑ ራጅ ዛሬና ነገ ቢለካው ጥቂት ዲግሪ ሊለያይበት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከ5 ዲግሪ በታች የሆነን ልዩነት ኩርባው ጨምሯል ለማለት በቂ ማስረጃ አድርገው አይወስዱትም። ሁለተኛው የአንጓ ምርጫ ነው። ሁለት ሐኪሞች የተለያየ አንጓ ከመረጡ አከርካሪው ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል።

እህቴን «ወረቀቶቹ ላይ የትኞቹ አንጓዎች ተጽፈዋል?» ብዬ ጠየቅኋት። የኦክላንዱ «ከT6 እስከ T12» ይላል። የሳን ሆዜው «ከT6 እስከ L1» ይላል። ታችኛው አንጓ ተለያይቷል! ስለዚህ የመጀመሪያውን ራጅ በሲዲ አስገልብጣ ለሳን ሆዜው የአጥንት ሐኪም እንድትወስድ፣ ሁለቱንም ራጆች በአንድ ዓይን እንዲለካቸው እንድትለምነው ነገርኳት።

ሐኪሙ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጎ ለካቸው። በመጀመሪያው ራጅ ላይ L1 ከT12 ይበልጥ ያዘነበለ ነበር፤ 12 ዲግሪ። ስለዚህ የመጀመሪያው ትክክለኛ ቁጥር 13 ሲደመር 12፣ ማለትም 25 ሆነ። በሁለተኛው ራጅ ላይ ላይኛው 14፣ ታችኛው 13 ሆነው 27 መጡ። 28 የነበረው 27 መሆኑ አያስገርምም፤ የእጅ ልዩነት ነው። ስለዚህ ለውጡ 6 ሳይሆን 2 ዲግሪ ነበር። ያም በእጅ ልዩነቱ ውስጥ የሚገባ ነው።

እህቴ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲያው ምንም የለም ማለት ነው?» አለችኝ። ይህም ልክ አልነበረም። ኩርባው በፍጥነት ጨምሯል የሚለው ፍርሃት ወደቀ እንጂ 27 ዲግሪው እዚያው አለ። ከመጀመሪያውም ቢሆን ኩርባው 22 ሳይሆን 25 ነበር። በ22 እና በ25 መካከል ደግሞ አንድ ጠቃሚ ድንበር አለ።

ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ሐኪሞች ቁጥሩን በግምት እንዲህ ያዩታል። ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ክትትል ብቻ ነው፤ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ይታያል። ከ25 እስከ 40 አካባቢ ከሆነ ብሬስ የሚባለው ጀርባን የሚይዝ ጠንካራ የፕላስቲክ ደጋፊ ይታዘዛል። ከ45 ወይም ከ50 ካለፈ ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር ይጀመራል። እድገቱን ለጨረሰ ሰው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ከ30 በታች የሆነ ኩርባ ከእድገት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም። ከ50 በላይ የሆነ የደረት ኩርባ ግን በአዋቂነትም በዓመት 1 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል።

ስለዚህ ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ያህል እድገት ቀራት?» የሚል ነው። ለዚህ ሐኪሙ እዚያው ራጅ ላይ የዳሌን አጥንት ያያል። ልጅ እያደገ ሲሄድ በዳሌው አጥንት የላይ ጠርዝ ላይ አዲስ የአጥንት መስመር ይወጣል። ይህ መስመር ከ0 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል፤ የሪሰር ደረጃ ይባላል። 0 ማለት መስመሩ ገና አልታየም፣ ብዙ እድገት ቀርቷል ማለት ነው። 5 ማለት እድገቱ አልቋል ማለት ነው። የእህቴ ልጅ 0 ነበረች፤ የወር አበባዋም ገና አልጀመረም። ያው 27 ዲግሪ በ17 ዓመት ልጅ ላይ ቢገኝ ሐኪሙ ምናልባት «እንከታተላለን» ብሎ ያሰናብታት ነበር። ለእርሷ ግን ብሬስ አዘዘላት።

ልጅቷ አለቀሰች። «አክስቴ፣ ሁሉም ሰው ያየኛል» አለችኝ። ያለ ምክንያት እንዳልታዘዘላት እንድታውቅ ስለፈለግሁ አንድ ጥናት ነገርኳት። በ2013 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ነው። ብሬስ ካደረጉ ልጆች መካከል 72 በመቶው እድገታቸውን ሲጨርሱ ኩርባቸው ከ50 ዲግሪ በታች ቆየ። ካላደረጉት መካከል ደግሞ 48 በመቶው እንዲሁ ቆየላቸው። ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል፤ በቀን 13 ሰዓት ያህልና ከዚያ በላይ ካደረጉት ከአሥሩ ዘጠኙ ከ50 በታች ቆይተዋል። «ስለዚህ ከአሥሩ አምስቱ ባያደርጉትም ደህና ነበሩ ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ማለት ነው። የትኛዋ ልጅ ከየትኛው ወገን እንደምትሆን አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚለይ ስለሌለ ነው ብሬሱ የሚታዘዘው። ከልጅቷ ጋር ተማክረው ሌሊቱን በሙሉና ከትምህርት ቤት መልስ ልታደርገው ተስማሙ፤ ሐኪሙ ያዘዘው ግን በቀን 18 ሰዓት ስለነበር የቀረውን በልብስ ሥር ትምህርት ቤት ይዛው ትሄዳለች።

እናታችንን ያስፈራት ሌላ ነገር ነበር። በአገር ቤት ጀርባቸው እጅግ የጎበጠ ልጆችን አይታለች። አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያሉ ልጆችን አክመዋል፤ ብዙዎቹንም ለቀዶ ሕክምና ወደ ጋና ልከዋል። ከእነዚህ ልጆች መካከል ኩርባቸው ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ ነበሩ። በዚህ መጠን የታጠፈ አከርካሪ ሳንባን ይጫናል። የአንዳንዶቹ ጉብጠት ደግሞ ስኮሊዮሲስ ሳይሆን የአከርካሪ ቲቢ ያመጣው ነው፤ እሱ አከርካሪውን ወደ ፊት ያጥፈዋል። ለእናታችን የነገርናት ይህንን ነው፦ የልጅቷ ኩርባ 27 ነው፣ ሳንባዋን አልነካም፣ የተገኘውም ገና በማደግ ላይ ሳለች ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብሬሱን እንዳደረገች ሌላ ራጅ ተነሳች። ቁጥሩ 14 ሆነ! እህቴ ስልኩ ላይ እልል አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ ብሬሱ በደንብ እንደሚይዝ ያሳያል። ሆኖም 14 ከ27 ጋር የሚነጻጸር ቁጥር አይደለም፤ ብሬሱ ሲወልቅ ኩርባው መመለሱ አይቀርም። የብሬስ ግብ ኩርባውን ማቃናት ሳይሆን እድገቷ እስኪያልቅ ድረስ እንዳይጨምር መያዝ ነው።

የሚቀጥለው ራጅ በመጋቢት ነው። ያለ ብሬስ፣ ቆማ ትነሳለች። እህቴ ማስታወሻዋ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ጽፋለች፦ የተለካው ከT6 እስከ L1 ነው ወይ? የዱሮው ራጅም አብሮ ታይቷል ወይ? የዳሌዋ ደረጃ ስንት ደረሰ? ቁጥሩ ከ27 ወደ 30 ቢል አትደነግጥም። 33 ወይም 34 ቢል ግን ብሬሱ ይስተካከል፣ ሰዓቱም ይጨመር እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ትነጋገራለች።