በሞትና በፍርድ ቀን መካከል

በወታደር ሰፈር ሰው ስለ ሞት ብዙ አይናገርም። ይሁን እንጂ ወሬው በተነሣ ጊዜ ሁሉም የሚያነሣው ሁለት ነገር ነው፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነም። እኔ ግን ባለፈው ዘመኔ ከዚህ ይልቅ ያጋጠመኝ ጥያቄ በመካከል ያለው ነው። ሰው ዛሬ ይሞታል፤ የፍርድ ቀን መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እስከዚያ ድረስ ነፍሱ የት ትቆያለች? በሕይወት ያለ ወገኑስ ምን ሊያደርግለት ይችላል?

ጥያቄውን ያነሡብኝ ሊቃውንት አልነበሩም። በሻለቃው ጽሕፈት ቤት ሥራዬ የሟቾችን ዕቃ በመዝገብ አስፍሬ ለቤተሰብ መላክ ነበር፤ ሰዓት፣ ጫማ፣ ፎቶግራፍ፣ ያልተላከ ደብዳቤ። ከዕቃው ጋር የሚሄደው ወረቀት አጭር ነው። ከባለቤት የሚመጣው መልስ ግን ረጅም ነበር፤ «ካህን ደርሶለታል ወይ? ማን ቆመበት?» የሚል። ይህን ለመመለስ ከቄሱም፣ ከሼኩም፣ ከካቶሊኩ አባም፣ ከወንጌላዊውም ዘንድ እየሄድኩ መጠየቅ ነበረብኝ።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ካህናት እንደሚያስተምሩት፣ አብዛኛው ሰው አንድ አድርጎ የሚጠራቸው ሥፍራዎች በእርግጥ አራት ናቸው። የጻድቅ ነፍስ ከሥጋ እንደተለየች የምትገባው ወደ ገነት ነው፤ የኃጥእ ነፍስም ወደ ሲኦል ትወርዳለች። እነዚህ ሁለቱ የመቆያ ሥፍራዎች ናቸው። በዕለተ ምጽአት ሙታን በሥጋ ሲነሡና ፍርድ ሲሰጥ፣ በገነት የቆዩት መንግሥተ ሰማያትን ይወርሳሉ፤ በሲኦል የቆዩትም ወደ ገሃነመ እሳት ይሄዳሉ። እንግዲህ ፍትሐቱና ተዝካሩ የሚደረጉት በዚህ በመቆያው ዘመን ውስጥ ነው። ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ምልጃ የለም፤ ከዚያ በፊት ግን የቤተ ክርስቲያን ጸሎትና ስለ ሟቹ የሚሰጠው ምጽዋት ለነፍሱ ይረባል ይላሉ። ስለዚህም ሦስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ዐሥራ ሁለተኛው፣ ሠላሳኛውና አርባኛው ቀን፣ ከዚያም ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ይታሰባሉ።

በዚህ ላይ አንድ ብዙ ወታደር የማያስበው ነገር አለ። ካህኑ በጸሎቱ የሚጠራው ሟቹ የተጠመቀበትን የክርስትና ስም ነው። በመዝገባችን ላይ ግን የሚገኘው የዓለም ስሙ ብቻ ነው፤ በምሽጉ ውስጥ ደግሞ ጓዶቹ የሚያውቁት ቅጽል ስሙን ነው። አንድ ወጣት ወታደር ሲሞትብን ከቅርብ ጓደኞቹ መካከል የክርስትና ስሙን የሚያውቅ አንድ ስንኳ አልተገኘም። ቄሱ፣ «ጸሎቱን አላቋርጥም፤ አንተ ግን ለባለቤቱ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። መልሱ የደረሰው በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ከሰላምታው ሌላ የተጻፈው «ኃይለ ሚካኤል» የሚል ቃል ብቻ ነው። በአርባው ቀን ስሙ ተጠራ። ለባለቤቱም ይህንኑ ጽፌ ላክሁላት።

የካቶሊኩ አባ ያስረዱኝ ትምህርት ከዚህ ጋር ቢቀራረብም አንድ አይደለም። እንደ እርሳቸው አባባል፣ ነፍስ ወዲያው ከሞት በኋላ የየግሏ ፍርድ ይሰጣታል። በእግዚአብሔር ወዳጅነት የሞተች፣ ነገር ግን ገና ያልጠራች ነፍስ በማንጻት ውስጥ ታልፋለች፤ ይህም በላቲን ስሙ ፑርጋቶሪዩም ይባላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሁለተኛ ዕድል ይቆጥረዋል፤ ስሕተት ነው። ወደዚያ የገባች ነፍስ መጨረሻዋ መንግሥተ ሰማያት መሆኑ ተወስኗል፤ የቀረው መንጻቷ ነው። ለሕያዋን የተተወው ሥራም በቅዳሴ፣ በጸሎትና በምጽዋት እርሷን መርዳት ነው።

ለዚህ ትምህርት ከሚጠቅሷቸው ምስክሮች ዋናው የወታደሮች ታሪክ መሆኑን ስሰማ ተደንቄአለሁ። ታሪኩ የሚገኘው በግሪኩ ሁለተኛ መጽሐፈ መቃብያን በዐሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት፣ ይሁዳ መቃቢስ ከኤዶምያስ ገዥ ከጎርጊያስ ጋር ተዋግቶ ካሸነፈ በኋላ የወደቁትን ወታደሮቹን ለመቅበር ይመለሳል። ሬሳው ሲነሣ በየልብሳቸው ሥር ሕጋቸው የከለከለው የጣዖት ክታብ ተገኘባቸው። አለቃው ሬሳቸውን አልጣለም፤ ከሠራዊቱ ሁለት ሺህ የብር ድራክማ አሰባስቦ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። ጸሐፊውም የትንሣኤ ተስፋ ባይኖር ኖሮ ስለ ሙታን መጸለይ ከንቱ በሆነ ነበር ብሎ ይፈርዳል። በሀገራችን የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ሦስቱ መቃብያን በስም ይመሳሰሉ እንጂ የሚተርኩት ሌላ ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ይህን ታሪክ በዚያ የሚፈልግ አያገኘውም።

በማንጻቱ ጉዳይ የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ተከራክረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1438 የግሪክና የላቲን ሊቃውንት ፌራራ ላይ ተሰብስበው የተሟገቱት በተለይ ስለ እሳቱ ነበር። ግሪኮቹ ስለ ሙታን መጸለይን ተቀብለው የሚያነጻ እሳት መኖሩን ግን ክደዋል። በዓመቱ በ1439 ፍሎሬንስ ላይ የወጣው ውሳኔ የማንጻትን ቅጣት ሲያወሳ እሳት የሚለውን ቃል ሳይጠራ አልፏል።

የተበላሸው ነገር የመጣው ገንዘብ በገባበት ጊዜ ነው። የቅጣት ማቅለያ ደብዳቤ በገንዘብ መሰጠቱ በ1517 የማርቲን ሉተርን ተቃውሞ አስነሣ። ሉተር በዚያን ጊዜ የማንጻቱን ሥፍራ ገና አልካደም፤ በኋላ ግን ፈጽሞ ተወው፤ የግሪኩንም መቃብያን የእምነት ማስረጃ አድርጎ አልተቀበለም። ወንጌላዊው ጓዳችንም የነገረኝ የዚያን መንገድ ትምህርት ነው። ያመነ ሰው በሞተ ጊዜ ወደ ክርስቶስ ይሄዳል፤ በቀብሩ ላይ የሚጸለየውም ለቀሩት መጽናናት እንጂ ለሟቹ አይደለም። ከእርሱ ወገን ለሆነች አንዲት ባልቴት የጓዶቿን መልካም ሐሳብ እንደምገልጽላት ጽፌ፣ ተዝካር ላውጣ የሚለውን የሰፈሩን ሰዎች አሳብ ግን አላስተላለፍኩም። ለሌላዋ መጽናኛ የሆነው ለእርሷ የባሏን እምነት መንካት ይሆን ነበርና።

በእኛም ዘንድ ገንዘብ ነገሩን ሲያጣምመው አይቻለሁ። ተዝካር ማለት መታሰቢያ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ጸሎቱና ለድኃ የሚሰጠው ነው። በሬ ታርዶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ጎረቤቱ ጠግቦ ከሄደ በኋላ ልጆቹ በዕዳ የሚቀሩበት ቤት ግን ጥቂት አይደለም። ቄሱ ለባልቴቶች ሁልጊዜ የሚሰጡት ምክር፣ ቁራሽ እንጀራም ቢሆን ለነዳያን ሰጥታችሁ ስሙን አስጠሩ የሚል ነበር።

ዕዳን በሚመለከት ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ የሚናገረው እስልምና ነው። ሼኩ እንዳስረዱን፣ በሞትና በትንሣኤ ቀን መካከል ያለው ዘመን በርዘኽ ይባላል። በመቃብር ሙንከርና ነኪር የተባሉ ሁለት መላእክት መጥተው ስለ ጌታው፣ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ነቢዩ ሟቹን ይጠይቁታል። ሥራው በሞቱ ይቋረጣል፤ ከሦስት ነገር በቀር። እነርሱም ቀጣይ ምጽዋት፣ ማለት ሰው የሚጠጣበት ጉድጓድ ውኃን የመሰለ፣ ሌላው የሚጠቀምበት ዕውቀት፣ እንዲሁም የሚጸልይለት መልካም ልጅ ናቸው። በጦር ሜዳ ስለ አላህ መንገድ የሞተ ሸሂድ እንኳ ሌላው ኃጢአቱ ይቅር ሲባልለት ዕዳው አይቀርለትም። ነቢዩ ባለዕዳ በሆነ ሟች ላይ ለመስገድ ባልፈቀዱ ጊዜ፣ አቡ ቀታዳ የተባለው ባልደረባቸው ሁለቱን ዲናር በራሱ ላይ ከወሰደ በኋላ ሰገዱለት ተብሎ ይነገራል።

ይህን ትምህርት በሥራ ያየሁት በአንድ ምክትል አስር አለቃ ሞት ጊዜ ነው። በኪሱ በተገኘው ደብተር ለሱቅ 18 ብር፣ ለልብስ ሰፊ 7 ብር ዕዳ እንዳለበት ጽፎ ነበር። ሼኩ ሰልፉን ከማቆማቸው በፊት «ዕዳውን የሚሸከም አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። የመኝታ ጎረቤቱ «በእኔ ላይ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ሶላተል ጀናዛው ቀጠለ፤ ማጎንበስና ስግደት የሌለበት፣ በቁም በአራት ተክቢራ የሚፈጸም ጸሎት ነው።

ሬሳው ያልተገኘስ? በዚህ ላይ የሀገራችን ስም ይነሣል። በአክሱም ዘመን ስደተኞቹን ሙስሊሞች ያስጠለለው ነጃሺ በሞተ ጊዜ ነቢዩ በመዲና ሆነው ባልደረቦቻቸውን አሰልፈው በሩቅ ሳሉ እንደ ሰገዱለት በሐዲስ ተመዝግቧል። የሻፊዒና የሐንበሊ ሊቃውንት ይህን መሠረት አድርገው በሌለ ሟች ላይ መስገድን ይፈቅዳሉ፤ የሐነፊና የማሊኪ ሊቃውንት ግን ለነጃሺ ብቻ የተደረገ ነው ይላሉ። ስለዚህ ባሏ በሩቅ የቀረባት እኅት መስጊዷ የማንን መንገድ እንደሚከተል አስቀድማ ብትጠይቅ ይበጃታል።

በአይሁድ ዘንድም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። የኃጥኣን ፍርድ በገሃነም ዐሥራ ሁለት ወር ነው የሚል የቆየ ትምህርት አላቸው። ልጅ ለወላጁ ቃዲሽ የተባለውን የምስጋና ጸሎት የሚያደርሰው ግን በብዙዎች ልማድ ዐሥራ አንድ ወር ብቻ ነው፤ ዐሥራ ሁለቱን ቢሞላ አባቴ ኃጥእ ነበር ብሎ እንደ መመስከር ይቆጠራልና።

የመጨረሻውን ቀን በሚመለከት እነዚህ ሃይማኖቶች ብዙም አይራራቁም፤ ሙታን ይነሣሉ፣ ሥራ ይመዘናል፣ መጽሐፍ ይገለጣል። የሚለያዩት በመካከሉ ነው፤ ማለት የሕያው እጅ ወደ ሙት ይደርሳል አይደርስም በሚለው። ያንን እኔ ልፈርድ አልችልም። በመዝገብ ቤት ባሳለፍኩት ዘመን ግን የሟቹ እምነት የሚጠይቀውን ለመፈጸም የጎደለው ነገር ብዙ ጊዜ ገንዘብ ሳይሆን አንዲት ቃል ነበረች። እኔና ባለቤቴ የክርስትና ስማችንን፣ ያለብንን ዕዳና በቀብራችን ላይ እንዲቆም የምንሻውን ሰው በአንድ ወረቀት ጽፈን በሣጥን ክዳን ውስጥ ለጥፈናል። ዕዳው በተከፈለ ቁጥር ትሰርዘዋለች።