የጎደለው ቀንም ሕግ ይኑረው

ኮሶበር ላይ የተመደበ አንድ የጤና ባለሙያ እናስብ። አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። ከገጠር የምትመጣ እናት ግን የልጇን ሕመም በአውንጊ ነው የምትናገረው። እሷ ሦስት ደቂቃ ታወራለች፣ አስተርጓሚው «ያስለዋል» ብሎ ይጨርሳል። በመሃል የቀረው ነገር ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሰውየው ከመስከረም 1 ጀምሮ በየቀኑ 15 ደቂቃ አውንጊ ሊለማመድ ወሰነ፤ ያጠናበትን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ምልክት ያደርጋል።

እስከ 11 ድረስ አልጎደለም። በ12 ለቅሶ ነበር፣ በ13 የሌሊት ተራ። በ14 «እንግዲህ ተበላሽቷል» ብሎ ተወው።

ያቆመው ስንፍና አይደለም፤ ሕጉ ነው። «በየቀኑ» የሚል ሕግ በአንዲት ለቅሶ ይፈርሳል። ተከታታይ ቀን ቆጥረው አንድ ሲጎድል ወደ ዜሮ የሚመልሱ የስልክ መተግበሪያዎችም በሽታቸው ይኸው ነው።

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር። ጥናቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታተመ። ድርጊቱ ያለ ብዙ ሐሳብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ግን ልማዱን ያን ያህል አልጎዳውም። የተጠናው አመጋገብ፣ መጠጥና እንቅስቃሴ እንጂ ቋንቋ ስላልሆነ ቁጥሩን እንደ ቃል ኪዳን መያዝ አይገባም።

ስለዚህ ባለሙያው ለጥቅምት ሕጉን አስቀድሞ ይጻፍ። ሙሉ 15 ደቂቃ ከሆነ ✕፣ ደክሞት ሦስት ደቂቃ ብቻ ከሆነ / ያድርግ። ለቅሶና የራሱ ሕመም «ለ» ይባላሉ፣ እንደ ጉድለት አይቆጠሩም። ዝርዝሩ ግን ወሩ ሳይገባ መዘጋት አለበት፤ ማታ ላይ የሚፈለሰፍ ምክንያት ሁልጊዜ አሳማኝ ነውና። የጎደለ ቀን ባዶ ይቀራል። በማግስቱ 30 ደቂቃ አይጠናም፤ ውዝፍ የሚከፍል ሰው በሦስተኛው ቀን ይሸሻል። ከአንድ ባዶ ቀን ቀጥሎ ግን ቢያንስ / የግድ ነው።

ጥቅምት 30 ላይ ሲቆጠር 19 ✕፣ 6 /፣ 2 «ለ» እና 3 ባዶ ተገኘ እንበል። 25 ቀን ተለማምዷል ማለት ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የባዶዎቹን ቦታ ማየት ይጠቅማል። ሦስቱም የወደቁት ከሌሊት ተራ በኋላ ባለው ቀን ከሆነ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው፤ ከእራት በኋላ የነበረው ልምምድ በእነዚያ ቀናት ከእንቅልፍ ተነስቶ ቡና ሲጠጣ ይሁን። ባዶዎቹ በየሳምንቱ ተበታትነው ከታዩ ደግሞ 15 ደቂቃው በዝቷል፣ ለኅዳር ወደ 8 ይውረድ።