ጠርዝ ላይ የቆመውን ሰው መቁረጥ ይበቃል

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አስፋልት ሐይቅ ከተማን አልፎ ወደ ውጫሌ፣ ወደ አምባሰል ምድር ይዘልቃል። በዚያ የሚያልፍ ቤተሰብ ሐይቁ ዳር ወረድ ብሎ ፎቶ መነሣት ይወዳል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶችን ስለማያስገባ፣ እናትም አባትም ልጆችም አንድ ላይ የሚታዩበት ፎቶ የሚነሣው ከውጭ፣ ከውኃው ዳር ነው። ውኃው ዳር ደግሞ የአካባቢው ሰው የዕለት ሥራ ቦታ ነው። ከብት የሚያጠጣ አለ፣ ልብስ የሚያጥብ አለ፣ ዝም ብሎ የሚያልፍም አለ። እኛ ስንሣቅ እሱ በራሱ ጉዳይ ይሄዳል፤ ፎቶው ሲታይ ግን ግራ ወይም ቀኝ ጠርዝ ላይ ቆሞ ይገኛል።

የቤተሰባችንን ፎቶ ለአልበም የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ «ይህን ሰውዬ አጥፋልን» የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሰኛል። ብዙዎቹ የማጥፊያ መሣሪያ ያለው አፕ ፈልገው፣ ሰውየውን በጣት ቀብተው፣ የወጣው ነገር አላምር ሲላቸው ነው ወደ እኔ የሚልኩት። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሰውየው ጠርዝ ላይ ከሆነ ማጥፋት አያስፈልግም፣ ክሮፕ አድርጉት። ለምን እንደዚያ እንደምል ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ካሜራ ከሰውየው ጀርባ ያለውን አላየም። እዚያ ቦታ ላይ ውኃ ይኑር፣ ደንገል ይኑር፣ ድንጋይ ይኑር በፎቶው ውስጥ አልተመዘገበም። የማጥፊያ መሣሪያ ሰውየውን ሲያነሣ የቀረውን ባዶ ቦታ በግምት መሙላት አለበት፤ የሚገምተውም ዙሪያውን አይቶ ነው። ሰውየው መሃል ቢሆን በአራቱም አቅጣጫ የሚያየው ነገር አለው። ጠርዝ ላይ ሲሆን ግን በአንደኛው ጎን ፎቶው አልቋል፤ ከዚያ በኩል የሚያገኘው ምንም ፍንጭ የለም። ሐይቅ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ሞገዱ አንድ ወጥ አይደለም፣ ደንገሉ ዘንግ በዘንግ ነው፣ ከማዶ ያለው የዳርቻ መስመር ቀጥ ብሎ መቀጠል አለበት። መሣሪያው መስመሩን ትንሽ ካጎበጠው ወይም አንዱን የደንገል ጉብታ ሁለት ጊዜ ከደገመው ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። የሰውየው ምስል በውኃው ላይ አርፎ ከነበረም ሰውየው ይጠፋና ነጸብራቁ ሊቀር ይችላል።

ክሮፕ ግን ከሰውየው ጀርባ ምን እንዳለ አይጠይቅም። የሚወስደው ሰውየውንና ከሱ በላይና በታች ያለውን ቁራጭ በሙሉ ነው፤ የሚቀረው ሁሉ ካሜራው ያየው ነው። የሸማ ጠርዝ ሲተለተል የተበላሸው ተቆርጦ አዲስ ጠርዝ ይበጅለታል፣ ሸማው ትንሽ ቢያጥርም ያው ሸማ ነው። መሃሉ ሲቀደድ ግን መጣፊያ ያስፈልገዋል፣ መጣፊያ ደግሞ ይታያል። ጠርዝ ላይ ለቆመ ሰው መጣፊያ መፈለግ ያለ ቦታው መድከም ነው።

አንድ ፎቶ ይዘን እንየው። እናቴና አክስቴ ሐይቁ ዳር ቆመዋል፤ ከፍሬሙ መሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ይላሉ። ግራው ጠርዝ ላይ ዱላውን በትከሻው ያጋደመ ሰው አለ። ፎቶው በተራ የስልክ ካሜራ የተነሣ ነው፤ ወርዱ 4000 ፒክስል፣ ቁመቱ 3000። ሰውየው ከነዱላው ወርዱን እስከ 470ኛው ፒክስል ድረስ ይዟል። ጥቂት ትርፍ ጨምሬ ከግራ 500 ብቆርጥ 3500 በ3000 ይቀረኛል። ይህ ወደ አራት ማዕዘን እኩል የተጠጋ ቅርጽ ለተለመደው 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ወረቀት አይመችም፤ እዚያ ላይ ወርዱ የቁመቱ አንድ ተኩል መሆን አለበት። ስለዚህ ቁመቱን ወደ 2333 አወርደዋለሁ። የሚቀነሰውን 667 ፒክስል አብዛኛውን ከሰማዩ እወስዳለሁ፣ ምክንያቱም ሰማዩ ባዶ ነው፤ እግራቸውና የቆሙበት ሣር ግን መቅረት አለባቸው።

የቀረኝ ከመጀመሪያው ፎቶ ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። ብዙ የጠፋ ይመስላል፤ ግን ወረቀቱ ላይ እንለካው። 15 ሳንቲ ሜትር ላይ 3500 ፒክስል ማለት በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 233 ፒክስል ነው። ለጥሩ ሕትመት 118 ያህል ይበቃል። ያው የተቆረጠ ፎቶ 20 በ30 ሆኖ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል እንኳ በሳንቲ ሜትር 117 ገደማ ይደርሰዋል፤ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም። ስምንተኛ የሚሆን ቁራጭ ከጠርዝ መውሰድ ጥራትን የሚጎዳ የሚመስላቸው ሰዎች ስጋታቸው እዚህ ላይ መሠረት የለውም።

ጥራትን በእውነት የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ክሮፕ የሚያደርገው ፎቶውን ከፍቶ፣ በሁለት ጣት አስፍቶ፣ ሰውየው ከስክሪኑ ሲወጣ ስክሪንሾት በማንሣት ነው። ስልኩ ቆሞ ሲያዝ የብዙ ስልኮች ስክሪን ወርድ 1080 ፒክስል ስለሆነ ከ3500ው የሚተርፈው 1080 ብቻ ነው። ስልክ ላይ ያምራል፤ ሲታተም ግን የእናቴ የጥልፍ ቀሚስ ጥለቱ ይደበዝዛል። ትክክለኛው መንገድ ከዚህ አይረዝምም። ጋለሪ ውስጥ ፎቶውን መክፈት፣ Edit ከዚያ Crop መንካት፣ የቅርጹን ምርጫ Free ማድረግ፣ የግራውን ጎን ይዞ ሰውየው እስኪወጣ ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ሲቀመጥ Save copy የሚል ካለ እሱን ምረጡ፤ ዋናው ፎቶ ሳይነካ ይቆያል።

ከመቁረጥ በፊት አንድ ነገር ይቀድማል፤ ፎቶውን ማቅናት። ሐይቅ ላይ የተነሣ ፎቶ ትንሽ ካዘነበለ የማዶው ዳርቻ ወዲያው ያሳብቃል፣ ውኃው የሚፈስ ይመስላል። ስልኩ ሲያቀናው ደግሞ ማዕዘኖቹን ራሱ ይቆርጣል። 2 ዲግሪ ማቅናት ብቻ 4000 ፒክስሉን ወደ 3820 ገደማ ያወርደዋል፣ ከየጎኑ 90 ያህል ይሄዳል። ሰውየው የገባው በትከሻው ብቻ ከሆነ ማቅናቱ ብቻውን ሊያስወጣው ይችላል። መጀመሪያ ቆርጦ ኋላ የሚያቀና ሰው ግን ሁለት ጊዜ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ቁርጥ የእናቱን ክርን ሊነካበት ይችላል።

ከቆረጣችሁ በኋላ አዲሱን ጠርዝ አስፍታችሁ ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። ብዙ ጊዜ የዱላ ጫፍ፣ የጋቢ ዘርፍ ወይም የጫማ አፍንጫ ይቀራል። ባለቤቱ የወጣ ዱላ ከሰውየው ይልቅ ዓይን ይስባል። መሬቱንም እዩ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ጥላ ይረዝማል፤ ሰውየው ወጥቶ ጥላው ወደ ዘመዶቻችሁ እግር ተዘርግቶ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ወይ ከታች ጨምሮ መቁረጥ ነው፣ ወይ ጥላውን መቀበል።

ክሮፕ የማይሆንበት ጊዜም አለ። ሰውየው ከአክስቴ ትከሻ ጋር ተደርቦ ቢሆን ኖሮ እሱን መቁረጥ እሷን መቁረጥ ይሆን ነበር። ሌላው የዓይን አቅጣጫ ነው። የምትነሣው ሰው ወደ ግራ እያየች ከሆነ ከግራ ሲቆረጥ ፊቷ ከጠርዙ ጋር ይፋጠጣል፣ የምታየው ቦታ አይቀርላትም። መፍትሔው ከቀኝም ጨምሮ ቆርጦ ፎቶውን የፊት ፎቶ ማድረግ ነው። ያ የሚሆነው ግን ሐይቁ ከፎቶው ቢወጣ ካልቆጨን ነው። ከቆጨን የማጥፊያውን መሣሪያ ወይም እንዲህ ያለ ሥራ የሚችል ሰው እዚያ ላይ ነው የምንፈልገው።

ወደ አምባሰል ስንወጣ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። ከአምባው ግርጌ ገደሉን ያነሣ ሰው ቤት ገብቶ ሲያየው ያ ሁሉ ግዝፈት ተራ ቋጥኝ ሆኖ ያገኘዋል፤ ፎቶው ውስጥ መጠኑን የሚነግር ነገር የለምና። ጠርዝ ላይ አንድ እረኛ ቆሞ ከሆነ ግን ገደሉ የእረኛውን ስንት እጥፍ እንደሆነ ዓይን ወዲያው ይለካል። እንዲህ ያለውን ሰው ያለ ሐሳብ የቆረጠ የአምባውን ከፍታ አብሮ ቆርጧል። ስለዚህ ጎኑን ወደ ውስጥ ከመግፋታችሁ በፊት ሰውየውን በአውራ ጣታችሁ ሸፍናችሁ የቀረውን እዩት። ፎቶው ካልጎደለበት ቁረጡ፤ ካነሰ ተዉት።

ተዉት ያልኩት ግን ለቤት አልበም ነው። ፌስቡክ ላይ ለምናወጣው ፎቶ ሌላ ግዴታ አለብን። ያ ሰው ለእኛ ባዕድ ይሁን እንጂ ሐይቅ ዳር እንግዶቹ እኛ ነን፤ ፎቶ ልነሣ ብሎ አልቆመም፣ ፊቱ በሺህ ሰው ስልክ እንዲዞርም ማንም አልጠየቀውም። ክሮፕን የምወደው በዚህም ምክንያት ነው፤ እሱን ከፎቶው ስናስወጣው የቆመበትን ምድር በሐሰተኛ ውኃ አንቀባበትም። የተቆረጠውን ቅጂ ለሕዝብ አውጡ፣ ዋናውን ለራሳችሁ አስቀምጡ። ስትለጥፉም የምትመርጡት ቅጂው መሆኑን አረጋግጡ፤ ሁለቱ ጋለሪ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ በችኮላ ዋናውን መላክ ቀላል ነው።

ጠርዝ ላይ ሰው ባያችሁ ጊዜ እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። አቅኑ፣ በአውራ ጣት ሸፍናችሁ እዩ፣ ቁረጡ፣ አዲሱን ጠርዝ መርምሩ። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ዋናው ፎቶ ስላለም ካልወደዳችሁት እንደገና መጀመር ትችላላችሁ። ሌላ አፕ መፈለግ የሚገባችሁ ይህ ሳይሆን ሲቀር ብቻ ነው።