ስምንት ደመርኩ

የተማሪዎች መታወቂያ ላይ ቀን ቀይሬያለሁ። ደባርቅ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ በብዛት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለሆኑ ሥራው ራሱ እየተራመደ ነው ወደ ቤቴ የመጣው።

ነገሩ የተማሪ ቅናሽ ነው። የውጭ የሶፍትዌር ድርጅቶች ውድ ዕቃቸውን ለተማሪ በነፃ ወይም በርካሽ ይሰጣሉ፤ ግን መጀመሪያ ተማሪ መሆንህን ያጣራሉ። ማጣሪያው በብዛት ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው የትምህርት ቤት ኢሜይል ነው፦ በዩኒቨርሲቲው አድራሻ ማረጋገጫ ይልኩልሃል፣ ትጫነዋለህ፣ አለቀ። ኢሜይል የሌለው ሰነድ ያስገባል፤ ያኔ ጉዳዩ ከማሽን ወጥቶ ሰው እጅ ይገባል። ያ ሰው ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ሙሉ ስም፣ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ዛሬ ተማሪ መሆንህን የሚያሳይ ቀን።

እኛ የምንሰናከለው ሦስተኛው ላይ ነው። ስሙም ቢሆን ችግር አያጣውም፤ አካውንቱ ላይ በአንድ ፊደል አጻጻፍ፣ መታወቂያው ላይ በሌላ ሲሆን ይመልሱታል። የቀኑ ግን ይብሳል። በ2014 ዓ.ም. የታደሰ መታወቂያ ሩቅ አገር ለተቀመጠ ሰው የ2014 እ.ኤ.አ. መታወቂያ ነው። ባለቤቱ ከስምንት ዓመት በፊት ትምህርቱን የጨረሰ ይመስለዋል። መልሱም አጭር ነው፦ የሰነዱ ጊዜ አልፏል።

ከዳባት የመጣች የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ይህን መልስ በስልኳ ይዛ ወደ እኔ የመጣችው በሚያዝያ 2014 ነበር። የመመረቂያ ሥራዋን የምትጀምርበት ጊዜ እየቀረበ ስለነበር የምትፈልገው ፓይቻርም የሚባለውን የጄትብሬይንስ ፕሮግራም መጻፊያ ነው፤ ዋጋው በዶላር ነው፣ እሷ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የላትም። መፍትሔው ቀላል መሰለኝ። መታወቂያዋን ስካን አደረግሁ፣ በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም “የካቲት 2014” የሚለውን “ፌብሩዋሪ 2022”፣ “ሐምሌ 2014” የሚለውን “ጁላይ 2022” አደረግሁላት። ጥቂት ቀን ቆይቶ ፈቃዱ መጣ። 50 ብር ተቀበልኳት። ጓደኞቿ ተከትለዋት መጡ፤ ለእነሱም ሠራሁ።

ያኔ ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ነበረኝ። ተማሪ ናቸው፤ የጨመርኩት ውሸት የለም፤ ዘመኑን ወደ እነሱ አቆጣጠር መለስኩ እንጂ። ምክንያቱ እስከ ዛሬም ግማሽ እውነት ይመስለኛል፤ ያደከመኝም እሱ ነው። የሌላ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበትን ሰነድ ነካክቼ፣ ያ መሥሪያ ቤት የጻፈው አስመስዬ ልኬያለሁ። ሬጅስትራር ሄዶ በእንግሊዝኛና በአውሮፓ ቀን የተጻፈ የተማሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ መጠየቅ ይቻል ነበር። ያንን ብነግራት ግን 50 ብሩ ይቀርብኛል።

ፈቃዱ ለዘለዓለም አለመሆኑን ደግሞ አልነገርኳትም። እነዚህ ነገሮች የዓመት ናቸው። ጄትብሬይንስ ለተማሪ የሚሰጠው ነፃ ፈቃድ አንድ ዓመት ያገለግላል፤ ተማሪነቱ እስከቀጠለ በየዓመቱ እንደገና እያረጋገጡ ማደስ ነው። ስፖቲፋይም የተማሪ ቅናሹን በየ12 ወሩ ያጣራል፣ ከአራት ዓመት በላይም አይሰጥም። ሳይታደስ ሲቀር የሚሆነው ግን ይለያያል። የሙዚቃውን የመሰለ ወርሃዊ ክፍያ ዝም ብሎ ወደ ሙሉ ዋጋው ይዘላል፤ ካርዱ የተመዘገበለት ሰው የሚያውቀው ሂሳቡ ሲቀነስ ነው። የፕሮግራም መጻፊያው ያኔ ዋጋ አይቆርጥም፣ ሥራውን ያቆም ነበር። የጻፍከው ኮድ ኮምፒውተርህ ላይ ስላለ አይጠፋም፤ የሚከፈልበት መሣሪያ ግን ይዘጋ ነበር። በዚያ ዘመን በነፃው የፓይቻርም እትም ኮዱን ከፍቶ መሥራት ይቻል ነበር፤ የዳታቤዙ መሣሪያና የጃንጎ ድጋፍ ግን የሚከፈልበት እትም ውስጥ ነበሩ።

በሚያዝያ 2015 ማደሻው ደረሰና ተመልሳ መጣች። አዲሱ መታወቂያ የተሰጠው በጥቅምት 2015 ነው። እኔም እንደለመድኩት ስምንት ደመርኩና “ኦክቶበር 2023” ብዬ ጻፍኩ።

ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ስምንት የሚሆነው ጃንዋሪ ከገባ በኋላ ነው። ይህን ማን አያውቅም? ጥቅምት 2015 ማለት ኦክቶበር 2022 ነው። በ2014 የሠራኋቸው መታወቂያዎች ሁሉ ከጥር ወዲህ የተሰጡ ስለነበሩ ስምንቱ ልክ መጣ፣ እጄም ለመደው። አሁን ግን በኤፕሪል 2023፣ ገና ስድስት ወር በሚቀረው ቀን የተሰጠ መታወቂያ ላክሁ። የሚያጣራው ሰው ሰነዱ የተነካካ ይመስላል ብሎ መለሰ። ከእንግዲህ ከዚህ አካውንት ምስል እንደማይቀበሉ፣ ከትምህርት ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ ብቻ እንደሚያዩ ጨመረ።

መልሱን አነበብኩት፣ ገባኝም። እሷ “ጋሼ፣ ምን ይላል?” ስትለኝ “ለእኛ አገር መስጠት አቁመዋል መሰለኝ” አልኳት። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይቺ አረፍተ ነገር ናት። የቀኑ ስሕተት የችኮላ ነው፤ ይህ ግን አስቤ ያልኩት ነው። አመነችኝ፤ ስለ ኢትዮጵያውያን መገፋት ሲነገር የሚያምን አይጠፋም።

እንግሊዝኛዋ ከእኔ የሚያንስ አይደለም፤ ቆይታ መልሱን ራሷ አነበበችው። ስለ ደብዳቤው የሚለውን አገኘች። ምስሉ የተነካካ ይመስላል የሚለውን ግን የስካን ጥራት ችግር አድርጋ ወሰደችው፤ እኔም አላረምኳትም። ሬጅስትራር ጠይቃ ደብዳቤውን በሐምሌ አገኘች፣ ላከችው። ሐምሌ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወጣ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ድርጅቱ መልስ ይላክ አይላክ ዳባት ተቀምጣ የምታይበት መንገድ አልነበራትም። በሚያዝያ ባላበላሸው ኖሮ ኢንተርኔቱ ሳይቆረጥ ለዓመት ይታደስላት ነበር።

የመመረቂያ ሥራዋን በነፃው እትም ጨረሰችው፤ የዳታቤዙን ክፍል በሌላ መሣሪያ ከአዲስ ጀምራ። ልታስጠርዝ ስትመጣ ነገርኳት፣ ሁሉንም፣ የቀኑንም “አቁመዋል” ያልኳትንም። ትንሽ ዝም አለችና፦

“ደብዳቤውን እኮ በሁለት ቀን ነበር የጻፉልኝ” አለች።

የጥራዙን ሂሳብ አልቀበልም ብላት እምቢ አለች፤ ቆጥራ ከፍላኝ ሄደች።

አሁን ተመርቃለች፣ መብቱም በደንቡ አልፏታል። የቀሩት ግን አሉ። በ2014 ልክ የወጣልኝ ሰነድ ያለፈላቸው ልጆች አካውንት ውስጥ እኔ የቀየርኩት ምስል እስከ አሁን ሳይኖር አይቀርም። ያገኘኋቸውን ሲያድሱ የሬጅስትራር ደብዳቤ አስገቡ፣ በአውሮፓ ቀን ይጻፍላችሁ፣ ስማችሁም እንደ አካውንቱ ፊደል በፊደል ይሁን ብያቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ለሁሉም አልነገርኩም።