የአባባን ቤት በተመለከተ ለእህት ወንድሞቼ የላክሁት መልእክት

ሚራስ ሳይከፋፈሉ ዓመታት የሚያልፉባቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸውና፣ በቤተሰባችን ግሩፕ የጻፍኩትን በፈቃዳቸው እነሆ።

እህት ወንድሞቼ፣ አባባ (አላህ ይዘንለት) ወደ አኺራ ከሄደ 14 ወር ሆነው። የደሴው ቤት ካርታ ግን እስካሁን በስሙ ነው። ጋሼ ቤቱ እንዲሸጥ አይፈልግም፤ እኛም ሀቃችን እንዲቀር አንፈልግም። ሁለቱም ይቻላል ብዬ አስባለሁ።

መጀመሪያ ዕዳ ይውጣ። አባባ ሱቁን ሲሠራ ከእማ ወርቅ ተበድሯል፤ ራሱም ሲናገር ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ከውርስ ድርሻዋ ጋር አይደባለቅም። ቤቱ 9 ሚሊዮን ብር ቢገመትና የወርቁና የሌላው ዕዳ 1 ሚሊዮን ቢሆን፣ የምንካፈለው 8 ሚሊዮኑን ነው። ወሲያ አልተወም።

በሱረቱ ኒሳእ ድንጋጌ፣ ልጆች ስላሉት ለእማ አንድ ስምንተኛ ይደርሳታል። ቀሪው ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ እየሆነ ይከፋፈላል። እኛ ሁለት ወንድና ሦስት ሴት ስለሆንን ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ለእማ 1 ሚሊዮን፣ ለእያንዳንዳችን ሴቶች 1 ሚሊዮን፣ ለእያንዳንዱ ወንድም 2 ሚሊዮን።

ጋሼ፣ ቤቱን አንተ ግዛው። እማ ድርሻዋን ይዛ እዚያው ትኑር። ለዕዳው 1 ሚሊዮን፣ ለእኛ ለአራታችን 5 ሚሊዮን ያስፈልግሃል። በአንዴ ካልቻልክ ድርሻ በድርሻ ግዛ፤ የከፈልክበት ወዳንተ ይዛወራል፣ ያልከፈልክበት በባለቤቱ ይቆያል። ዋጋ ቆርጠን በዱቤ ከሸጥንልህ ግን፣ ዘገየህ ብለን ጭማሪ መጠየቅ ሪባ ነውና ከወዲሁ በደንብ እንነጋገርበት። ጨርሶ ካልሆነልህ ለውጭ ሰው እንሸጣለን፤ ያኔ ከሁሉ በፊት እማ የምትኖርበት ይገኝ።

የሚከብደኝ የሱቁ ኪራይ ነው። በወር 16 ሺህ ብር ይገባል፤ የሚሰበስበው ጋሼ ነው። አባባ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ኪራዩም የወራሾች ነው። ለእማና ለእያንዳንዳችን ሴቶች በወር 2 ሺህ፣ በ14 ወር 28 ሺህ ብር ይሆናል። ለጥገና ያወጣኸው ይቀነስ፤ ግን ተጽፎ እንየው።

«ሴቶቹ ትተውታል» ሲባልም ሰምቻለሁ። እኔ አልተውኩም። ታናሽ እህታችን ዝም ያለችው ጋሼን ስለምታፍር ነው፤ ዝምታዋ ስጦታ አይደለም። መስጠት የምትፈልግ ካለች ድርሻዋን በእጇ ካደረገች በኋላ ትስጥ።

የወራሽነት ማረጋገጫ ካልወጣ ስም ማዛወር አይቻልም። ሁላችንም ከተስማማን ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ። ሪያድ ያለኸው ወንድሜ፣ በኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና ላክልን።

እሁድ ከዙህር በኋላ እማ ጋ እንገናኝ፣ ኢንሻአላህ። ጋሼ፣ የኪራዩን ደብተር ይዘህ ጠብቀን።