ከ«ኖት» እስከ «ማሙሽ»

እህትና ወንድም ከ12 ዓመት በኋላ ቦሌ ላይ ይገናኛሉ። ታሪኩን ለማንም ሳወራው ቶሎ የሚታየው እቅፉ ነው፤ ሻንጣው ሲወድቅ፣ ለቅሶው፣ እልልታው። እኔ ስክሪፕቱ ላይ እቅፉን በሁለት መስመር ጨረስኩት። የመጀመሪያዎቹን አምስት ገጾች የተሸከመው ሌላ ነገር ነው፤ እናታቸው ከአራት ወር በፊት ሞታለች፣ እህት ደግሞ አልተረዳችም።

ትዕግሥት ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ነው የኖረችው። ስትሄድ 19 ዓመቷ ነበር፣ ወንድሟ ያሬድ ደግሞ 12። አሁን እሱ 24 ሆኗል፣ ጢም አውጥቷል። መቼም ባህላችንን ታውቁታላችሁ፤ ውጪ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ቤት ውስጥ ነው የሚነገረው። እሷ የምትገባው ሌሊት ስለሆነ ያሬድ እስኪነጋ አፉን መዝጋት አለበት። ስለዚህ ገጾቹን ስከፋፍል የጠየቅኩት «መቼ ይገናኙ?» ሳይሆን «ያሬድ የደበቀውን ተመልካች መቼ ይወቅ?» የሚለውን ነው።

የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይጀምራል፦

ውጪ። ቦሌ አየር ማረፊያ፣ መኪና ማቆሚያ። ሌሊት

ያሬድ (24) አጥር ተደግፎ ቆሟል። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል።

የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ይስበዋል። ሸሚዙ ተሸፈነ።

የጆሮ ማዳመጫ ይሰካል።

የትዕግሥት ድምፅ (ከስልክ)
ማሙሽ፣ አድገህ ይሆን? እማዬን ሳምልኝ እሺ።

መንገደኞች መውጣት ይጀምራሉ። እሷ የለችም።

ሌሎች ይወጣሉ። እሷ የለችም።

ጥቁር ሸሚዙ ላይ አንድም ማብራሪያ አልጨመርኩም። ጥቁር ለብሶ የሚደብቅን ልጅ ያየ የእኛ አገር ተመልካች የሆነ ነገር መጠርጠሩ አይቀርም። ማረጋገጫው ገጽ 4 ላይ ይመጣል። እዚህ ቦታ ላይ በብዙ ስክሪፕቶች የሚገባው «እህቴ፣ ቤይሩት ከሄድሽ እኮ 12 ዓመትሽ» ዓይነት ንግግር ነው። ወንድም ለእህቱ የምታውቀውን ነገር አይነግራትም። እንዲህ ያለ መስመር ስታገኙ ሰውየው የሚያወራው ከእህቱ ጋር ሳይሆን ከተመልካቹ ጋር ነው ማለት ነው።

«ሌሎች ይወጣሉ። እሷ የለችም» የሚለውን ብቻውን ያቆምኩትም በምክንያት ነው። «ያሬድ ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል» ብዬ ብጽፍ አንባቢው በአንድ ሰከንድ አንብቦት ያልፋል፤ ጥበቃው ተወራ እንጂ አልተጠበቀም። ስክሪፕት ላይ ጊዜ የሚሠራው በባዶ ቦታ ነው። እያንዳንዱን መስመር እንደ አንድ የካሜራ እይታ አድርጋችሁ ለየብቻ ስታስቀምጡ ዓይን ወደ ታች ሲወርድ የሚያጠፋው ጊዜ የያሬድን ጊዜ ይመስላል። ሦስት ጊዜ በቂ ነው፤ አራተኛው ላይ አንባቢ መዝለል ይጀምራል።

ገጽ 2 ላይ ትዕግሥት ትወጣለች። በዓይኗ የምትፈልገው እናቷን ነው፤ ጢማሙን ወጣት አላወቀችውም።

ትዕግሥት
ይቅርታ፣ ታክሲ ኖት?

አይሰማም። ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው።

ትዕግሥት
ወንድም፣ ታክሲ ኖት?

አንዱን ማዳመጫ ይነቅላል። በአንድ ጆሮው ከስልኩ፣ በሌላው ከፊቱ፤ ያው አንድ ድምፅ።

ያሬድ
እትዬ?

አንድ ጓደኛዬ «ለምንድነው ስሟን ከመጀመሪያው የጻፍሽው? ‹ሴት መንገደኛ› ብትያት አይሻልም?» አለችኝ። ምስጢሩ ከተመልካች የተደበቀ ቢሆን ልክ ነበረች። እዚህ ግን ተመልካቹ ድምፁን ገጽ 1 ላይ ሰምቶታል፤ ከያሬድ ቀድሞ እንዲያውቅና «ኧረ ንቀለው!» እንዲል ነው የምፈልገው። አንባቢም ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ሰው የሚያውቀውን ያህል፣ በዚያው ሰዓት ማወቅ አለበት። ስሙን መደበቅም መግለጥም የሚወሰነው በዚህ ነው።

«እትዬ?» የገጽ 2 የመጨረሻ መስመር ነው። ገጽ 3 የሚከፈተው በእሷ መልስ ነው፦ «አንተ! ማሙሽ ነህ?» ከ«ኖት» ወደ «ነህ»። አማርኛ ይህን በነፃ ይሰጠናል፤ በአክብሮት ያናገረችው ባዕድ በአንድ ግስ ወንድሟ ሆነ። ስለዚህ «በድንጋጤና በደስታ ታየዋለች» የሚል መመሪያ አላስፈለገኝም። እቅፉ ይከተላል፤ ሁለት መስመር።

አሁን ወደ ቅርጹ ልምጣ። አሜሪካኖቹ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ነው ይላሉ። ግምቱ የተመሠረተው በኩሪየር ፊደል ላይ ነው፤ መጠኑ 12፣ የእያንዳንዱ ሆሄ ስፋት እኩል። የእኛ ፊደል ለዚህ አይመችም። የሆሄዎቻችን ስፋት ይለያያል። አንዱ ሆሄ ብዙውን ጊዜ ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚይዝ በአንድ መስመር ውስጥ ብዙ ድምፅ ይገባል። በሌላ በኩል እንደ አቢሲኒካ ያሉ የግዕዝ ፎንቶች በመስመሮች መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ስላላቸው በገጹ ላይ የሚገባው መስመር ያንሳል። አንዱ ገጹን ያስረዝማል፣ ሌላው ያሳጥራል፤ ውጤቱ በግምት አይታወቅም።

እኔ የለካሁት በሰዓት ነው። ሁለት ጓደኞቼ የያሬድንና የትዕግሥትን ንግግር ጮክ ብለው አነበቡ፣ እኔ ድርጊቶቹን በሚፈጁት ጊዜ ልክ እያነበብኩ ስልኬ ላይ ያዝኩ። ድርጊት የበዛበት ገጽ 1 ወደ 55 ሰከንድ ወሰደ። ንግግር የሞላበት ገጽ 4 ግን 1 ደቂቃ ከ20 ሄደ። ፊደሉን ማሳነስም ማሳደግም አላስፈለገም፤ የንግግሩን ዓምድ ከ9 ሴንቲ ሜትር ወደ 7 አጠበብኩት፣ ንግግሩ ወደ ታች ረዘመ፣ ገጹም ወደ ደቂቃው ቀረበ። ይህ ልኬት የሚሠራው ለዚያ ፎንትና ለእኔ አጻጻፍ ነው፤ ፎንት ከቀየራችሁ እንደገና ለኩ።

ሌላው የካፒታል ፊደል ነገር ነው። እንግሊዝኛው የትዕይንት አርዕስትንና መጀመሪያ የሚመጣን ገጸ ባሕርይ በትልልቅ ፊደል ይለያል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን እኔ ለሁለቱ ብቻ ደማቅ ጽሑፍ እጠቀማለሁ። ለስሜት አላደምቅም። ገጹ ሁሉ ከደመቀ ተዋናዩን የሚፈልገው ሰው ስሙን ማግኘት ያቅተዋል።

ገጽ 3 የሚያልቀው በአንድ ቃል ነው፦ «እማዬስ?» ያሬድ ሻንጣውን ያነሳል። ገጽ 4 ታክሲ ውስጥ ነው፤ እሷ ስለ ስጦታዎቹ ታወራለች፣ ለእናቷ የገዛችውን ነጠላ ጫማ ታሳየዋለች። ይሞቀዋል፣ ዚፑን አይከፍትም። ስልኩ ላይ መልእክት ይገባል፦ «ሳይነጋ እንዳትነግራት»።

ገጽ 5 ላይ ደግማ ትጠይቀዋለች። እዚህ ሦስት መልስ ሞከርኩ። «ደህና ናት» ውሸት ነው፤ ነገ ጠዋት ይቅር የማትለው ውሸት። «ቤት ስንደርስ» ካላት ወዲያው ይገባታል፤ ፊልሙ ገጽ 5 ላይ አለቀ። የቆየው ሦስተኛው ነው፦

ትዕግሥት
እማዬ ተኝታ ይሆን?

ያሬድ መስኮቱን ይከፍታል። ነፋስ ይገባል።

ያሬድ
ተኝታለች።